ለአሠሪ በሚጻፍ የሐኪም ደብዳቤ ላይ የበሽታው ስም መስፈር አለበት?

«በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል በሦስት ፈረቃ እሠራለሁ። በቅርቡ የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ ተነግሮኝ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ፈረቃ እንዲቀየርልኝ ብጠይቅ የሰው ኃይል ክፍሉ የሐኪም ወረቀት አምጪ አለኝ፤ የበሽታዬን ስም ግን ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?»

የበሽታው ስም መስፈር የለበትም። አሠሪዎ ሥራ ለመመደብ ማወቅ የሚያስፈልገው ምን መሥራት እንደሚችሉ፣ ምን እንደማይችሉና ገደቡ እስከ መቼ እንደሚጸና ብቻ ነው። ሚስጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ሐኪሙ የተለመደውን የሕመም ፈቃድ ቅጽ ሲሞላ ነው፤ ቅጹ የበሽታውን ስም የሚጠይቅ መስመር ካለው እሱም አብሮ ይሞላልና። ስለዚህ በቅጹ ፋንታ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፦

«ሠራተኛዋ ተመርምረው ለሥራ ብቁ ሆነው ተገኝተዋል። ሆኖም እስከሚቀጥለው ምርመራ ድረስ፣ ማለትም ለስድስት ወራት፣ በሌሊት ፈረቃ፣ በመሰላል ላይ፣ የሚሽከረከር ክፍሉ ባልተሸፈነ ማሽን አጠገብ ወይም ብቻቸውን እንዳይመደቡ እናሳስባለን። ሌላውን ሥራ በቀን ፈረቃ መሥራት ይችላሉ።»

«ለሥራ ብቁ» የሚለው እንዳይቀር አደራ እላለሁ። እሱ ከሌለ ደብዳቤው እንደ ሕመም ፈቃድ ሊቆጠር ይችላል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ የሚያስገኘው ለመጀመሪያው አንድ ወር ብቻ ሲሆን፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። «ቀላል ሥራ ይሰጣቸው» የሚል ደብዳቤም አይጠቅምዎትም፤ ለፈረቃ ኃላፊው ቀላል የሚመስለው መሰላል ላይ ወጥቶ ማሽን ማጽዳት ለእርስዎ ከሁሉ የከፋው አደጋ ሊሆን ይችላል።

ስሙ ባይጻፍም በሽታውን የሚጠቁሙ ነገሮች አሉ። የመድኃኒቱ ስም፣ የነርቭ ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ማኅተም፣ በሥራዎ ላይ የሌለ ገደብ፣ ለምሳሌ «መኪና አይንዱ» የሚለው፣ ለሚጠረጥር ሰው በቂ ፍንጭ ይሰጣሉ። ስለዚህ የስፔሻሊስቱ ዝርዝር ማስረጃ በሕክምና ካርድዎ ውስጥ ተቀምጦ፣ ደብዳቤውን የጠቅላላ ሕክምና ሐኪም ቢጽፈው እመርጣለሁ። ኃላፊው ስልክ ደውሎ «በሽታዋ ምንድን ነው?» ቢል፣ ሐኪሙ ስለ ገደቦቹ አፈጻጸም ሊያስረዳው ይችላል፤ የበሽታውን ስም ግን ያለ እርስዎ ፈቃድ መናገር የለበትም።

ገደቦቹ እንዲላሉ ብለው በሥራ ላይም ሆነ በቤት የጣለዎትን ከሐኪምዎ አይደብቁ፤ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ስለሚቀሰቅስ በተለይ የሌሊት ፈረቃው ገደብ በቶሎ መነሳት የለበትም። አንድ የሚያምኑት የሥራ ባልደረባ ግን ቢያውቅልዎ ይበጃል። ቢጥልዎት ጭንቅላትዎን ደግፎ በጎን ያስተኛዎት፤ ክብሪት አያሽትትዎ፣ በአፍዎም ምንም ነገር አያስገባ፤ መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጥራ።