ድምፁን አስቀድም

«ደብረ ብርሃን በርኖስና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። በስልክ እንዴት እንደሚታዘዝ የሚያሳይ ቪዲዮ ሠራሁ፤ ግን ድምፄና ስክሪኑ አልገናኝ አሉኝ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ይመስለኛል። ስክሪኑን ቀድመህ ከቀዳህ ድምፅህ ሲያሳድደው ይውላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የምሠራው።

ስክሪፕቱን በሁለት ዓምድ ጻፈው። በግራ የምትናገረው፣ በቀኝ ጣትህ የሚነካው። «መጠኑን ይምረጡ» ካልክ በትይዩው የምትነካው ቁልፍ ይጻፍ። ጮክ ብለህ አንብበው፤ ትንፋሽ ያጠረህ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጠው።

ከዚያ ድምፁን ቅዳ። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ አንዴ አጨብጭብና ስማው። መፍትሔው ሱቅህ ውስጥ አለ። በርኖሶቹን ከፊትህና ከኋላህ ስቀላቸው፣ ሱፉ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ስልኩን ከአፍህ አንድ ስንዝር ያህል አርቀህ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው። ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ፈ» ላይ ትንፋሽህ ይመታዋል።

ስክሪኑ መጨረሻ ላይ ነው። ድምፁን ከሌላ ስልክ እየሰማህ ተከተለው። ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላ ሁለት ሰከንድ ቆም በል፤ የተረፈውን በኤዲቲንግ ትቆርጠዋለህ፣ የጎደለውን ግን መሙላት ከባድ ነው። አንድሮይድ ከሆነ Developer options ውስጥ Show taps የሚለውን አብራ፣ ጣትህ የነካበት ቦታ ይታያል። ትዕዛዙን በራስህ ስም አድርገው እንጂ የደንበኛ ስልክ ቁጥር እንዳይወጣ አደራ።