“ነርስ ነኝ” ካለችህ በኋላ

ልጆቼ፣

“የመጀመሪያ ቀጠሮ ላይ ምን ላውራ?” እያላችሁ ቢሮዬ የምትመጡ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁማ ጥያቄዎቹን ስልካችሁ ላይ ደርድራችሁ ነው የምትመጡት። ርዕስ አይጠፋም። ሰው የሚደናገረው መልሱ ከመጣ በኋላ ነው።

እዚህ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጣችሁ “ሥራሽ ምንድን ነው?” አልካት፣ “ነርስ ነኝ” አለችህ እንበል። የፈራ ሰው ወዲያው “ስንት እህትና ወንድም አለሽ?” ይላል፤ ቀጥሎ “ምን ዓይነት ሙዚቃ ትወጃለሽ?”። ልጅቷ ለሥራ ቅጥር የቀረበች ይመስላታል። ሌላው ዝምታው ያስጨንቀውና ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ስለ ራሱ ያወራል።

እኔ ግን እዚያው “ነርስ ነኝ” ላይ ቆዩ እላለሁ። “የሌሊት ተራ ሲደርስሽ እንቅልፉን እንዴት ትችይዋለሽ?” ብትላት፣ “መጀመሪያ ሰሞን አለቅስ ነበር፤ አሁን ለመድኩት፣ ጸጥታውን እንዲያውም እወደዋለሁ” ልትልህ ትችላለች። አሁን ሌላ ጥያቄ አትጨምር፤ ተራው ያንተ ነው። የነገረችህን ያህል ከራስህ ንገራት፦ “እኔም ተማሪ ሳለሁ ሌሊት ካልሆነ ማጥናት አይሆንልኝም ነበር፤ ቀን ሰው ባለፈ ቁጥር ዓይኔ አብሮት ይሄዳል።” ይህ ይበቃል። ከዚያ “ያኔ ያስለቀሰሽ ምን ነበር?” ብለህ ወደ እሷ መልሰው። ፊቷ ከከበደ ግን “ሌላ ጊዜ ትነግሪኛለሽ” በልና እለፈው።

ይህን የምለው ከልምድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በአጫጭር የትውውቅ ቀጠሮዎች ላይ ከመልሱ ተነስተው ተከታይ ጥያቄ የሚጠይቁ ሰዎች ሁለተኛ ቀጠሮ የማግኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እየተቀባበሉ ያወሩ እንግዳ ሰዎች፣ አንዱ ተናጋሪ ሌላው አድማጭ ሆነው ከቆዩት ይልቅ እርስ በርስ እንደተዋደዱ አሳይቷል።

አንድ ጥያቄ ግን ለመጀመሪያው ቀን አይሁን፦ “የየት አገር ልጅ ነሽ?”። ሐዋሳ ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው የተሞላች ከተማ ናት፤ ጠያቂው በቅንነት ቢጠይቅም ብዙ ሰው ብሔሩን የተጠየቀ ይመስለዋል። “ልጅነትሽን የት አሳለፍሽ?” ብትሉ ስለ ሰፈር፣ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ትምህርት ቤት ታሪክ ታገኛላችሁ። ደመወዝና የቀድሞ ፍቅረኛም ይቆዩ።

ሴት ልጆቼ፣ ብዙዎቻችን ጨዋ ልጅ ጥያቄ አታበዛም እየተባልን ነው ያደግነው። እሱ ግን ዝምታችሁን ንቀት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። “አንተስ?” ማለት ብቻውን በቂ ነው፣ በተለይ ከመልሱ ቀጥሎ “ለምን?” ከተከተለው።

ጀማሪ ፈሪ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ በአጭሩ ቢመልስ አትፍረዱበት፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ታገሡት። ከዚያም በኋላ የሚመልሰው በአንድ ቃል ብቻ ከሆነ፣ አንዴም እናንተን ካልጠየቀና ዓይኑ ስልኩ ላይ ከሆነ፣ አዲስ ርዕስ አትፈልጉለት። ሒሳብ አስመጡና በሰላም ተለያዩ።