ወደ የት?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ፋርማሲስት፣ «ጋሼ፣ መልእክቱ ተቆርጦ ሲደርሰኝ ቀሪውን ከአውዱ ብገምት ጥፋት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጠው ዝም አልኩ፤ 40 ብልቃጥ ትዝ ብሎኝ ነበር።

የወረዳ መድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ሳለሁ አንድ ምሽት ከሩቅ ጤና ጣቢያ ይህ የጽሑፍ መልእክት መጣ፦ «ፍሪጁ ከትናንት ማታ ጀምሮ ስለጠፋ 40 ብልቃጥ የፔንታቫለንት ክትባት ሳናስቀር በሙሉ ከውስጡ አውጥተን ወደ»

ቁጠሩት፤ ከነክፍተቱ 67 ነው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ከረዘመ በ67 በ67 እየተቆራረጠ ይላካል፣ አንዱ ቁራጭም መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። በእንግሊዝኛ ቢቆረጥ ግሡ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ደርሷል። የእኛ ግሥ ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ «አድርገናል»ም «አላደረግንም»ም የሚለየው እዚያ ነው።

እኔ ግን ልምድ አለኝ ባይ ነበርኩና «ወደ ማቃጠያው ወስደናል» ብዬ በልቤ ጨረስኩት። «ደግ አደረጋችሁ፤ በሙሉ አስወግዱ፣ ምትክ እልካለሁ» ብዬ መለስኩና ራቴን በላሁ።

የዛሬ ልጆች አራት ነጥብ የሚባል ነገር ስለረሳችሁ መልእክታችሁ ማለቁና መቆረጡ አይለይም። እውነቱን ለመናገር ግን እናንተ ቶሎ ትደውላላችሁ፤ እኔ አለቃ ሆኜ መጠየቅ አፍሬ ነበር።

መጠየቅም ወግ አለው። «ግልጽ አድርጊው» ብላችሁ አትጻፉ፤ ላኪዋ መቆረጡን ስለማታውቅ ያንኑ ደግማ ትልካለች፣ ያው ቦታ ላይም ሊቆረጥ ይችላል። የደረሳችሁን የመጨረሻ ቃል መልሱላት፦ «"አውጥተን ወደ" ላይ ቀርቷል። ወደ የት?» ቀጥሎ ብልቃጡ ላይ ስላለው የሙቀት ጠቋሚ ጠይቁ። በክቡ ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን ከዙሪያው የነጣ ከሆነ ሙቀት አላበላሸውም፤ ከዙሪያው እኩል ከሆነ ወይም ከጠቆረ ይወገዳል። ይህ ሁሉ የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ቀሪው ቁራጭ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ፦ «ጎረቤት ጤና ጣቢያ ፍሪጅ አስገብተናል። ጠቋሚው ነጭ ነው። ለነገው ክትባት እንጠቀምበት?»

እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። ሲስተሯ ስታነሳ ከኋላዋ የሕፃናት ለቅሶ ይሰማል፤ እናቶቹ ከሌሊት ጀምሮ ተጉዘው መጥተዋል።

«ክትባቱስ?» አልኳት።

«ማታውኑ አስመልሰን አቃጠልነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ደህና ከነበረ ለምን?»

«እርስዎ አስወግዱ ስላሉን ነዋ!»