ለማያውቅህ ደንበኛ የሚጻፍ የመጀመሪያ ኢሜይል፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለኝ። ለፋብሪካዎች ሌብልና የካርቶን ጽሑፍ እናትማለን። ግማሽ ያህሉን ደንበኛ ያገኘሁት ከዚያ በፊት ለማያውቀኝ ሰው ኢሜይል ጽፌ ስለሆነ ጠይቁኝ አልኩ። ከሐሙስ እስከ ሰኞ የመጡት እነዚህ ናቸው።

ከመሐል ሜዳ፦ «ጋሼ፣ ሰባት ሴቶች ሆነን የመንዝ ሱፍ ምንጣፍ እንሠራለን። አዲስ አበባ ላሉ 40 ሆቴሎች ኢሜይል ልኬ አንድም መልስ አላገኘሁም። የላክሁት ይኸው፤ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

> ጉዳዩ፦ በጋራ መሥራትን ይመለከታል
>
> በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ማኅበራችን ጥራታቸውን የጠበቁ የሱፍ ውጤቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ በማቅረብ ላይ የሚገኝ መሆኑን እንገልጻለን። በመሆኑም ከድርጅታችሁ ጋር በጋራ ለመሥራት ፍላጎት ያለን ሲሆን ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።

እህቴ፣ ይህ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢሆን እንከን አይወጣለትም። ለሆቴል ግን አይሆንም። የግዥ ኃላፊዋ ኢሜይሏን የምታየው በስልኳ ነው እንበል። ስልኩ የሚያሳያት የላኪውን ስም፣ ርዕሱንና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ያንቺ ላይ ያየችው «በጋራ መሥራትን ይመለከታል» እና «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን» የሚለውን ነው። ሱፍ የሚለው ቃል ገና አልመጣም። ምንጣፍ የሚለውማ ጭራሽ የለም።

ሁለተኛው ነገር፣ ይህን ደብዳቤ አንዲት ፊደል ሳትነኪ ለ40ውም ሆቴል መላክ ይቻላል። ልከሽዋልም። አንባቢዋ ይሄ ወዲያው ይገባታል። ለሁሉም የተላከ ደብዳቤ ደግሞ ማንም የራሴ ነው ብሎ አይመልስለትም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። ምን እንድታደርግ ነው የጠየቅሻት? «በጋራ እንሥራ» ለሚል ሰው ምን ተብሎ ይመለሳል? እሺ ብትልሽ እንኳ ቀጥሎ የሚሆነውን ማሰብ ያለባት እሷ ናት። ሥራ የበዛበት ሰው እንዲህ ያለውን «በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል፤ በዚያው ይቀራል።

እስቲ 39ኙን ለጊዜው ትተሽ አንድ ሆቴል ምረጪ። ድረ ገጹ ላይ የክፍሎቹን ፎቶ ተመልከቺ። ከዚያ እንግዳ መቀበያው ጋ ደውለሽ «የግዥ ኃላፊው ማን ይባላሉ?» በይ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስሙን ስታገኚ እንዲህ ጻፊ፦

> ርዕስ፦ ለክፍሎቻችሁ የመንዝ ሱፍ ምንጣፍ
>
> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ …፣
>
> የክፍሎቻችሁን ፎቶ አየሁ። መጋረጃውና የአልጋ ልብሱ የአገር ሸማ ነው፤ ከአልጋው አጠገብ ያለው ወለል ግን ባዶ ነው። እኛ መሐል ሜዳ ላይ ከመንዝ በግ ሱፍ የአልጋ ዳር ምንጣፍ እንሠራለን። 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቀለም አልገባበትም፣ ጥቁሩም ነጩም የበጉ የራሱ ነው። ፎቶ ከታች አለ።
>
> ሐሙስ አዲስ አበባ ስለምመጣ አንድ ናሙና ላስቀምጥልዎ እችላለሁ። ለማን ላስረክብ?

ስምሽንና ስልክሽን ከሥሩ አስገቢ፤ አለቀ። መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ በአንድ ቃል እንደሚመለስ አየሽ? «ለእኔ» ወይም «ለስቶር» ብላ ልትጽፍልሽ ትችላለች። «ወለሉ ባዶ ነው» የሚለውንም አስቤበት ነው። «ክፍላችሁ አያምርም» ብትያት ኖሮ ዕቃውን የመረጠችው እሷው ብትሆንስ?

ከሸዋ ሮቢት፣ የሽንኩርት ነጋዴ፦ «ወንድሜ፣ ኢሜይል እዚህ አገር አይሠራም። ቴሌግራም ላይ ፎቶ መላክ ወይም በአካል መሄድ ነው። ዝም ብለህ ሰው አታድክም።»

ለሽንኩርት ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። ጠዋት የተነቀለ ሽንኩርት የኢሜይል መልስ አይጠብቅም። ፋብሪካና ትልልቅ ሆቴል ጋ ግን የሚያነብህ ሰው ብቻውን አይወስንም። ለአለቃው ወይም ለሂሳብ ክፍሉ ማስተላለፍ አለበት። ቴሌግራም ላይ የላክኸው እሱ ስልክ ውስጥ ይቀራል። ኢሜይሉን ግን አንድ ጊዜ ነክቶ ያስተላልፈዋል። ከስድስት ወር በኋላ ተፈልጎ የተጠራሁበት ሥራም አለኝ።

በአካል መሄድን ግን እኔም አልተውኩትም። ኢሜይሉ በር ላይ «ማን ብለን እንንገር?» ሲሉኝ የምለው ነገር ይሰጠኛል።

ከደብረ ብርሃን፣ ዘንድሮ የተመረቀ፦ «እኔም ለብዙ ድርጅት ሲቪ ልኬ መልስ የለም። ሲቪውን በፒዲኤፍ ይሻላል በዎርድ?»

ፒዲኤፍ። ግን የኛ ወሬ ስለ ደንበኛ ነው፤ የሥራ ማመልከቻ ሌላ መንገድ አለው። ለአንተም የሚሠራው ነገር የሰውየውን ስም በስልክ ጠይቆ ማወቁ ነው።

ከደብረ ሲና፦ «የኩባንያ ፕሮፋይል ማያያዝ ግድ ነው። 12 ሜጋ ባይት ፒዲኤፍ አለኝ፤ ያለሱ ማን ያምነኛል?»

ማመኑ ላይ እውነት አለህ። የማያውቅህ ሰው ማንነትህን የሚያይበት ነገር ይፈልጋል። ግን የመጀመሪያው ቀን ላይ አይደለም። ከማያውቁት ሰው የመጣ ከባድ አባሪ ብዙ ሰው ቫይረስ ይሆናል ብሎ አይከፍተውም፤ በሞባይል ዳታ ለሚያነብ ደግሞ ወጪ ነው። እኔ አንድ የተቀነሰ ፎቶ ብቻ አስገባለሁ። ፕሮፋይሉን መልስ ሲመጣ እልካለሁ፤ ያኔ ራሳቸው ይጠይቁሃል።

ከደብረ ብርሃን፦ «ዋጋ በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ?»

እኔ አልጽፍም። የሕትመት ዋጋ በብዛቱ ይለያያል፤ ቁጥር ቀድሞ ከገባ ከፕሮፎርማ ጋር ተወዳድሬ እቀራለሁ። ባለቤቴ ግን አትስማማም። እሷ የልጆች ሹራብ ትሸጣለች፣ ዋጋ ሁልጊዜ ትጽፋለች። «ዋጋ ያልጻፈ ሰው ውድ ነው ብዬ ነው የማስበው» ትላለች። አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ዋጋ የምትሸጡ ከሆነ እሷ ሳትሻል አትቀርም። ቤት ውስጥ እስካሁን አልተስማማንም።

ከደብረ ብርሃን፣ የኮምፒውተር ባለሙያ፦ «ከራሴ ዶሜይን የምልከው ሁሉ ስፓም ውስጥ ይገባል። ጽሑፉ ነው ችግሩ?»

ከጽሑፉ በፊት ሌላ ነገር አረጋግጥ። ወደ ራስህ ጂሜይል አንድ ኢሜይል ላክና በኮምፒውተር ክፈተው። ሦስቱን ነጥብ ተጭነህ `Show original` የሚለውን ምረጥ። SPF፣ DKIM እና DMARC የሚሉት አጠገብ PASS ማለት አለበት። ካላለ ኢሜይሉ በእርግጥ ካንተ መምጣቱን ተቀባዩ ማረጋገጥ አልቻለም ማለት ነው። ኢሜይልህን የምትልከው በጉግል በኩል ከሆነ ዶሜይኑ ላይ እንዲህ ያለ TXT መስመር ይገባል፦

```
v=spf1 include:_spf.google.com ~all
```

እኔ የሳትኩት እዚህ ነበር። ድረ ገጹን የሠራልን ልጅ ቀደም ብሎ አንድ SPF አስገብቶ ነበር፣ እኔ ሌላ ጨመርኩበት። አንድ ዶሜይን ሁለት SPF ካለው ሁለቱም አይሠሩም። አንድ መስመር ውስጥ ማዋሃድ ነው። ደግሞ አዲስ ዶሜይን ይዘህ በአንድ ሰዓት 40 ኢሜይል አትልቀቅ። እኔ በቀን ከአምስት አላልፍም። እያንዳንዱን ለየብቻ ስጽፍ ከዚያ በላይ ጊዜም አይበቃኝ።

ስሙን ያልጻፈ፦ «ርዕሱ ላይ Re: ብዬ ብጀምር ይከፍቱታል ይባላል። እውነት ነው?»

ይከፍቱት ይሆናል። ከዚያ ያላደረጉትን ንግግር ሲፈልጉ ይቆዩና ውሸት መሆኑን ያውቃሉ። ዕቃ ልትሸጥለት የምትፈልገውን ሰው በመጀመሪያው ቃል ዋሽተኸዋል። አይሆንም።

ከጓሳ አካባቢ፣ አስጎብኚ፦ «ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት እንግዳ እንዲልኩልኝ ጀርመን ላሉ የጉዞ ድርጅቶች መጻፍ እፈልጋለሁ። የተለየ ነገር አለው?»

አለው። ጀርመን ውስጥ አስቀድሞ ላልፈቀደ ሰው የማስታወቂያ ኢሜይል መላክ ሕጉ ይከለክላል፤ ተቀባዩ ድርጅት ቢሆንም ያው ነው። ስለዚህ እዚያ ቀድመህ ደውል፣ ወይም ራሳቸው «አጋር ይሁኑ» ብለው ያስቀመጡትን ቅጽ ሙላ። አሜሪካ ሲሆን መላክ ይፈቀዳል። ግን ርዕሱ እውነት መሆን አለበት፣ የምትገኝበት አድራሻ መኖር አለበት፣ «ከእንግዲህ አትላክልኝ» የሚሉበት መንገድም መስጠት አለብህ።

ሌላው ሰዓትና ቀን ነው። እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ላለ አንድ የውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ «ሐሙስ በ3 ሰዓት እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። እኔ ጠዋት ሄድኩ። እሱ የጠበቀኝ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስደርስ ስብሰባ ላይ ነበር፣ ጥበቃው አላስገባኝም። ከዚያ ወዲህ ለውጭ ሰው ስጽፍ በነሱ አቆጣጠር አድርጌ «ከሰዓት በፊት» የሚለውን እጨምራለሁ። ወሩንም በፊደል እጽፋለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ «ስም በራሱ የሚሞላ ፕሮግራም ልጠቀም አስቤያለሁ። ችግር አለው?»

ፕሮግራሙ የፈረንጅ ነው። ከስሙ ሁለተኛውን ይወስዳል። ለሰውየው ልከህ አባቱን «ጤና ይስጥልኝ» ትለዋለህ። እኔ ደግሞ የባሰ ሠርቻለሁ። አንዴ 60 አድራሻ Cc ውስጥ ደርድሬ ላክሁ። ሁሉም ሁሉንም አየ። አንደኛው «ከዝርዝሩ አውጡኝ» ብሎ ለሁሉም መለሰ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። ቀኑን ሙሉ የስድሳ ሰው ስድብ ስቀበል ዋልኩ።

ከደብረ ሲና፦ «መልስ ካልመጣ ስንት ጊዜ ልጨቅጭቅ?»

አንድ ጊዜ። ከአራት ወይም ከአምስት የሥራ ቀን በኋላ፣ እዚያው የመጀመሪያው ኢሜይል ላይ መልስ ብለህ። «ደርሶዎት ይሆን?» ብቻ አትበል፤ አዲስ ነገር ጨምር። ለምሳሌ አዲስ የሠራኸውን ፎቶ። በዓልና የዓርብ ከሰዓት ተወው። ከዚያ በኋላም ዝም ካሉ ወደ ሌላው እለፍ። እኔ ከአሥር አንዱ ወይም ሁለቱ ከመለሱልኝ ደስ ይለኛል።

ከመሐል ሜዳ፣ ሰኞ ማታ፦ «ጋሼ፣ አንዷ መለሰችልኝ! «ምንጣፉ ይታጠባል?» ብቻ ነው ያለችው። ምን ልበላት? ስለ ማኅበራችን ልጨምርበት?»

የጠየቀችሽን ብቻ መልሺ፣ ዛሬውኑ። በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚታጠብ፣ ሳይጨመቅ ተዘርግቶ ጥላ ላይ እንደሚደርቅ ጻፊላት። በሙቅ ውሃና በማሽን ካጠቡት ሱፉ እንደሚጠብና እንደሚጠነክርም አትደብቂ፤ ካንቺ ካልሰማችው ከላውንደሪዋ ነው የምትሰማው። ከሥሩ «ሐሙስ ጠዋት ናሙናውን ይዤ ልምጣ?» በይ።