ጥያቄና መልስ፦ ማይሎማ እና የፕሮቲን ኤሌክትሮፎረሲስ ውጤት

ትዕግስት፦ የእናቴ ቶታል ፕሮቲን 9.8፣ አልቡሚኗ 3.1 ግራም በዴሲሊትር ነው። ወገቧን ካመማት ሦስት ወር ሆናት። ካንሰር ነው?

ዳዊት (መላሽ)፦ ከአልቡሚን ውጪ 6.7 ይቀራል። በጣም ብዙ ነው። ግን ብዛቱ ብቻ ካንሰር አያሰኘውም። ዋናው ቅርጹ ነው። የደም ፕሮቲኖችን ለያይቶ በሚያሳየው ኤሌክትሮፎረሲስ ላይ፣ ፀረ-አካሎች የሚታዩበት ጋማ የተባለው ክፍል በሰፊው ካበጠ፣ ብዙ ዓይነት ሴሎች ፀረ-አካል እያመረቱ ነው። ኢንፌክሽንና የጉበት በሽታ እንዲህ ያደርጋሉ። ጠባብ ሆኖ ቀጥ ያለ ጫፍ ካወጣ ግን፣ ከአንድ ሴል የተባዙ ፕላዝማ ሴሎች አንድ ዓይነት ፕሮቲን ብቻ እያፈሰሱ ነው። ያኔ ዓይነቱ በኢሙኖፊክሴሽን ይለያል። ካልሲየም፣ ክሬቲኒን፣ ሄሞግሎቢን፣ የአጥንት ምስልና የመቅኔ ምርመራ ይከተላሉ። እስከዚያ ዲክሎፌናክ አትስጫት። ማይሎማ፣ ማለትም የፕላዝማ ሴሎች ካንሰር ከሆነ ኩላሊቷን ይጎዳዋል። እግሯ ከዛለ ወይም ሽንቷ ካስቸገራት ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃት።

ሀብታሙ፦ ጋማ ከፍ ካለ ማይሎማ ነው። የአጎቴም እንደዛ ነበር።

ሰላም፦ ኧረ ተው! ሁመራ ስሠራ የካላዛር ታማሚዎች ጋማቸው ጣራ ይነካ ነበር።

ሀብታሙ፦ የአጎቴ ሐኪም ግን ጋማውን አይቶ ነው የነገረን።

ዳዊት፦ ጋማውን ብቻ አይቶ አይደለም፣ ጫፉን አይቶ ነው። የካላዛር እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ ነው። ክርክሩ ይብቃ።

ዮናስ፦ ኤሌክትሮፎረሲሴ ጫፍ የለውም። ሽንቴም በስትሪፕ ፕሮቲን የለውም ተባለ። ነፃ ነኝ ማለት ነው?

ዳዊት፦ አይደለም። ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ያልፈዋል። አንዳንድ ማይሎማ ሙሉውን ፀረ-አካል ሳይሆን ላይት ቼይን የተባለውን ቁራጩን ብቻ ያመርታል። ላይት ቼይን ትንሽ ስለሆነ በኩላሊት ተጣርቶ ወደ ሽንት ይወርዳል፣ ደም ላይ ጫፍ ላይታይ ይችላል። እንዲያውም ጋማው ከተለመደው በታች ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ጤነኞቹ ሴሎች ታፍነዋልና። ስትሪፑ ደግሞ የሚይዘው በዋናነት አልቡሚንን ነው፣ ላይት ቼይን ያመልጠዋል። ስለዚህ የደም ነፃ ላይት ቼይን ይታይ፣ ምርመራው በአካባቢህ ከሌለ የ24 ሰዓት ሽንት ኤሌክትሮፎረሲስ። ዲክሎፌናክ አንተም አትንካ።

ወይዘሮ አልማዝ፦ የኔ ጫፍ 1.1 ነው፣ ዓይነቱ አይጂጂ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው ተብያለሁ። ለምን መድኃኒት አይጀመርልኝም?

ዳዊት፦ ከ3 ግራም በዴሲሊትር በታች ነው፤ አጥንትዎም ኩላሊትዎም ደምዎም ካልተነካ ማይሎማ አይባልም። ከእንዲህ ዓይነት 100 ሰዎች በዓመት ወደ በሽታው የሚሻገረው 1 ያህሉ ነው። ክትትል እንጂ መድኃኒት አያስፈልግዎትም። ክትትሉን ግን አይተዉ።

ኪሩቤል፦ ጋማ ከፍ ሲል ምንድን ነው?

ዳዊት፦ ከላይ አንብብ።

ኪሩቤል፦ ደሜ ትንሽ ችግር አለው ተባልኩ።

ዳዊት፦ «ትንሽ ችግር» ውጤት አይደለም። ቁጥሩን ከነመለኪያው ጻፍ።

ትዕግስት፦ ዲክሎፌናኩን ግን ጠዋት ሰጥቻታለሁ።

ዳዊት፦ አሁኑኑ አቁሚው። ለሐኪሟ ንገሪ፣ ክሬቲኒኗም ዛሬ ይታይ። ምን ያህል ቀን ስትወስድ ቆየች?