ለቀድሞ ሠራተኛ የስኮላርሺፕ ሪኮመንዴሽን መጻፍ

ጥያቄ፦ «ድሮ እኔ ሥር ትሠራ የነበረች ልጅ ለጀርመን ማስተርስ ሪኮመንዴሽን ጻፍልኝ አለችኝ። ጎበዝ ናት፤ ግን ሪፖርት ታዘገይ ነበር። ምን ብዬ ልጻፍ? ይሄን ልተወው?»

ወንድሜ፣ እኔም ለውሃ ላብራቶሪ ቴክኒሻኔ ጽፌያለሁ። አግኝታ ሄዳለች።

1. ደብዳቤውን ለሰው ኃይል ክፍል አትተውላቸው። የኛ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ለለቀቀ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ላይ ማህተም አንመታም» አለኝ። በምትኩ የተለመደውን የሥራ ልምድ ሰጠኝ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ደመወዟ ይህን ያህል፣ «የተሰጣትን ኃላፊነት በአግባቡ ተወጥታለች»። ይህ ስለማንም የሚጻፍ ነው። የጀርመኑ ስኮላርሺፕ ሰጪ ድርጅት ዳአድ ደግሞ ለልማት ነክ ማስተርሶቹ የአሠሪ ደብዳቤ አርማ፣ ፊርማና ማህተም ያለው፣ ቀኑም የቅርብ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። አንብቦ እዚያው አስመታልኝ።

2. አንድ ሥራዋን ምረጥና በደንብ ተርከው። «ትጉህ፣ ታታሪ» የሚለውን ተወው። የኔዋ ጊዜ ከተማው ዳር ባሉ ቧንቧዎች ቀሪ ክሎሪን በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም በታች ይወርድ ነበር። ሌሎቹ ኬሚካል ይጨመር አሉ። እሷ ግን በየሰዓቱ ናሙና ወሰደች። የሚወርደው ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ እንደሆነ በሰንጠረዥ አሳየችን። ይህን ሁሉ ጻፍኩት። ናሙናውና ሰንጠረዡ የሷ ነው፤ የውሃ ፈረቃውን የቀየርነው ግን እኔና የኦፕሬሽን ክፍሉ ነን ብዬም ለየሁት። ያልሠራችውን ብጨምርላት ኢንተርቪው ላይ ስትጠየቅ ምን ትመልሳለች?

ሪፖርት የምታዘገየውን አትደብቀው። የኔዋም እንደዚያው ነበረች። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በመጀመሪያው ዓመት ወርሃዊ ሪፖርቷ ይዘገይ ነበር። ያጠራጠራትን ውጤት ደግማ ሳትለካ አታስገባም። ሥራውን በሳምንት ከከፋፈልነው በኋላ በሰዓቱ ማስረከብ ጀመረች።» ያንተዋ ካልተሻሻለች ግን ተሻሻለች አትበል። ችግሩ ከዚህ የባሰ ከነበረም ማመልከቻው ሳይዘጋ ንገራትና ሌላ ሰው ትፈልግ።

3. ቀኖቹን አደራ! በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። የተቀጠረችው መስከረም 2010 ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ የሥራ ልምዷን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ወሩን ሴፕቴምበር አለ፣ ዓመቱን ግን እንዳለ 2010 ብሎ ተወው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 2017 መሆን ነበረበት። በወረቀቱ መሠረት ልጅቷ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ተቀጥራለች ማለት ነው። አስተካክሉ ብላቸው «ሁሉም በዚህ ነው የሚሄደው» አሉኝ። እስኪያስተካክሉት ድረስ ከቢሯቸው አልወጣሁም።

ከመፈረምህ በፊት ሲቪዋንና የሥራ ልምዷን አስልክና ቀኖቹን ከደብዳቤህ ጋር አስተያይ። ስሟን ልክ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ጻፈው። መቼ እንደለቀቀችም ግለጽ፤ ከዚያ ወዲህ የሠራችውን የሚመሰክርላት የአሁኑ አለቃዋ ነው።