ኤፍ ስይዝ እጄን ያመኛል፦ ስለ ባሬ ኮርድ ጥያቄና መልስ

ደሴ ነው ያለሁት። ሠርግ ላይ ጊታር እጫወታለሁ፣ ቤቴ ደግሞ ጥቂት ልጆች አስተምራለሁ። ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባሬ ኮርድ፣ በተለይም ስለ ኤፍ ስለሆነ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ባሬ ማለት ጠቋሚ ጣት ክሮቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተጋድማ የምትይዘው ኮርድ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ እሱን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ከኮምቦልቻ፦ «ቦክስ ጊታር ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። ኤፍ ስይዝ ከአውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ ይቃጠላል። ሁለት ደቂቃ አልቆይም። እጄ ደካማ ነው ማለት ነው?»

አብሽር፣ ደካማ አይደለህም። ጊታሩን እንደ ጉጠት ጨምቀህ ስለያዝከው ነው። ጣትህ ከፊት፣ አውራ ጣትህ ከኋላ፣ መሃል ላይ የጊታሩ አንገት፤ ሁለቱ ሲገፋፉ ሸክሙ በሙሉ የሚያርፈው እዚያች አውራ ጣት ሥር ያለችው ሥጋ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ትንሽ ጡንቻ ናት፣ ቶሎ ትደክማለች።

ግን እጅህን ከመውቀስህ በፊት ጊታሩን እንመርምረው። ያንኑ የኤፍ አያያዝ ወደ አምስተኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ብረቶቹ ከከፈሏቸው ቤቶች ወደ አምስተኛው ውሰደው። እዚያ ኤ ይሆንልሃል። እዚያ ቀሎህ አንደኛው ፍሬት ላይ ብቻ የሚያሰቃይህ ከሆነ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ያለችው፣ ክሮቹ በስንጥቋ ውስጥ የሚያልፉባት ነጭ አጥንት ከፍ ብላ ይሆናል። እንዲህ እያት፦ አንዷን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫንና አንደኛው ፍሬት ብረት ላይ ክሩና ብረቱ መሃል ያለውን ክፍተት ተመልከት። ጤነኛ ጊታር ላይ ክፍተቱ ለዓይን በጭንቅ ነው የሚታየው። ስድስቱንም ክር እንደዚያ እይና ንገረኝ።

የኮምቦልቻው ልጅ ተመልሶ፦ «መታወቂያዬን አስገባሁበት፣ ገባ። አምስተኛው ላይ ደግሞ እውነትም ይሻላል።»

በቃ፣ ግማሹን ሥቃይ አገኘነው። መታወቂያ ከገባ በጣም ብዙ ነው። ስንጥቆቹን ሞርዶ የሚያወርድልህ ሰው ፈልግ፣ ራስህ ግን አትንካው። ትንሽ አልፎ ከወረደ ባዶው ክር ብረቱን እየነካ ዝዝዝ ይላል፣ መመለሻም የለውም፣ አጥንቷን መቀየር ነው። እስከዚያ አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ፣ ያንን ክሮቹን ሁሉ በአንዴ የሚጫን መቆንጠጫ፣ አድርግና ካፖውን እንደ መጀመሪያ ቆጥረህ ተጫወት። ካፖ ከሌለህ ስድስቱንም ክር በግማሽ ድምፅ አላላቸው። ብቻህን እስከተለማመድክ ድረስ ማንም አይከስህም።

ደግሞ ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና የጊታሩ ሆድ ያብጣል፣ ክሮቹም ከፍ ይላሉ። ሐምሌ ላይ «እጄ ባሰበት» የሚሉኝ ልጆች አሉ። የባሰበት ጊታሩ ነው።

ከሆጤ፦ «አውራ ጣት ሁልጊዜ ከመሃል ጣት ትክክል ጀርባ ነው መሆን ያለበት። አስተማሪዬ በቾክ ምልክት አድርጎልኝ ነበር። ይሄን ብቻ ብትነግራቸው ይበቃል።»

ግማሹ ልክ ነው። ብዙ ሰው ላይ አውራ ጣት ከጠቋሚ ጣትና ከመሃል ጣት ትይዩ አካባቢ፣ ከአንገቱ ጀርባ ከወገቡ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲያርፍ ይመቻል። «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም፣ የእጅ ርዝመት ይለያያል። እኔ ቾክ አላደርግም። የማየው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚነካው ጫፉ ሳይሆን ለስላሳው ሆዱ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ መገጣጠሚያው ወደ ኋላ እንደ ቀስት ተለጥጧል ወይ? ከተለጠጠ እየገፋህ ነው ማለት ነው፣ ማታ የሚያምህም እሱ ነው። ሦስተኛ፣ አውራ ጣትህ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቱን አቅፎታል ወይ? ካቀፈው ጠቋሚ ጣትህ ስድስቱን ክር ለመሸፈን መዘርጋት አይችልም፣ አንጓህም ያለ ቦታው ይታጠፋል።

አሁን የምነግራችሁን ግን ዛሬውኑ ሞክሩት። አምስተኛው ፍሬት ላይ ባሬ ያዙ። ከዚያ አውራ ጣታችሁን ጨርሶ ከአንገቱ ላይ አንሱት። ጊታሩ እንዳይዞር ቀኝ ክንዳችሁ ሆዱን ወደ ደረታችሁ ይያዘው። ግራ ክንዳችሁን ደግሞ በክርን በኩል በቀስታ ወደ ኋላ ሳቡት፣ ትከሻ ሳይነሳ። ያለ አውራ ጣት እንኳ ድምፁ ይወጣል! መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ላይሆን ይችላል፣ ግን ይወጣል። ባሬን የሚጫነው የክንድ ክብደት ነው። ከዚያ አውራ ጣቱን መልሱት፣ ግን ለማመላከቻ ያህል ብቻ ይንካ።

ስሙን ያልጻፈ፦ «ግንበኛ ነኝ። ብሎኬት ስሸከም ነው የምውለው። እጄ እንደ ብረት ነው። ኤፍ ግን እምቢ አለኝ። ኳስ መጭመቅ ልጀምር?»

አንተን ለሁሉም ማሳያ አደርግሃለሁ ወንድሜ። ኤፍ በጉልበት ቢሆን ኖሮ አንተ ደሴን ሁሉ ታስተምር ነበር። ኳስ ስትጨምቅ አራቱም ጣት ከአውራ ጣት ጋር አብሮ ይዘጋል። ያ ደግሞ ያው ልናስወግደው የምንፈልገው ጉጠት ነው።

ያንተ ችግር ጠቋሚ ጣትህ ሳይሆን አይቀርም። ኤፍ ላይ እሷ በእውነት የምትሠራው ለሦስት ክር ብቻ ነው፦ ለወፍራሟ ስድስተኛዋ፣ ለሁለተኛዋና ለቀጭኗ አንደኛዋ። የቀሩትን ሦስቱን ሌሎቹ ጣቶች ይዘዋቸዋል። ስለዚህ መሃሏ ላይ መጫንህ ድካም ነው። ጣቷን በለስላሳው በኩል አታሳርፋት። ትንሽ ወደ አውራ ጣት በኩል፣ አጥንት ወዳለበት ጎን አዙራት፣ ለብረቱም አስጠጋት። ከብረቱ በራቅህ ቁጥር ብዙ ጉልበት ይጠይቅሃል።

ከአረብ ገንዳ፦ «እኔንም ያመኛል፣ ጣቶቼ ጫፍ ላይ ቆዳው ተልጧል። ቅባት ላድርግ?»

ያንቺ ሌላ ነገር ነው እህቴ፣ ከባሬ ጋር አይገናኝም። ቆዳው እስኪደነድን ድረስ የሁሉም ነው። ከልምምድ በፊት እጅሽን ውሃ አታስነኪ፣ ከቆሰለ አንድ ሁለት ቀን ተዪው።

ከኮምቦልቻ፦ «ልብስ ስፌት ነው የምሠራው፣ ማታ ጊታር እለማመዳለሁ። ሌሊት ሌሊት አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና የመሃል ጣቴ ይደነዝዙኛል። እየጠነከርኩ ነው ማለት ነው?»

አይደለም። ባሬውን ዛሬ አቁሚ። ድካምና ቃጠሎ ሥጋ ላይ ነው የሚሰማው፣ ስታርፊም በደቂቃዎች ይለቃል። መደንዘዝና መወረር ግን የነርቭ ነገር ነው። ያልሻቸውን ሦስት ጣቶች የሚያገለግለው ነርቭ በእጅ አንጓ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ አንጓ ታጥፎ ሲቆይ ደግሞ ይጨመቃል። ቀን ስፌት፣ ማታ ጊታር፣ ሁለቱም አንጓ ላይ ነው። ሐኪም ይይሽ። አንጓው በአውራ ጣት በኩል እንደ መርፌ የሚወጋውም ሰው እንዲሁ ያቁም።

ይህን የምለው ተቀጥቼ ስለማውቀው ነው። አንድ ጥር ሠርግ በሠርግ ላይ ተደራርቦብኝ፣ እያመመኝ እየተጫወትኩ ከረምኩ። ከዚያ ስድስት ሳምንት ጊታር አልነካሁም። ጀበና እንኳ በግራዬ ማንሳት አቅቶኝ ነበር።

ከደሴ፦ «እሺ ልምምዱን በቅደም ተከተል ንገረን። ስንት ደቂቃ፣ በስንት ቀን?»

በቀን አሥር ደቂቃ፣ እሱም ለሁለት ተከፍሎ። አምስት ጠዋት፣ አምስት ማታ።

የመጀመሪያው ሳምንት አምስተኛው ፍሬት ላይ ነው። በጠቋሚ ጣት ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ተጫን፣ እስከ አራት ቁጠር፣ ልቀቅ፣ እጅህን አውርደህ እስከ ስምንት ቁጠር። እንዲህ ስድስት ጊዜ። ዕረፍቱ ከመጫኑ እጥፍ የሆነው በምክንያት ነው፣ አትዝለለው። በሁለተኛው ሳምንት እዚያው ሆነህ የመሃልና የቀለበት ጣትህን ጨምርና አራቱን ቀጫጭን ክሮች ያዝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሙሉውን አያያዝ፣ አሁንም አምስተኛው ላይ። ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ፍሬት ወደ ታች ትወርዳለህ። ካቃጠለህ አንድ ፍሬት ተመለስ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ሳምንት ላይ አንደኛው ፍሬት ትደርሳለህ፣ የዘገየም ይኖራል።

አንድ ነገር ጨምርበት። ኮርዱን ሳትጫን ዝም ብለህ ክሮቹ ላይ አሳርፍና ምታ፣ ጥፍ ጥፍ ይላል። ከዚያ እየመታህ ቀስ በቀስ ጫን። ድምፁ ንጹሕ በሆነበት ቅጽበት ቁም። የሚያስፈልግህ ጉልበት ያ ብቻ ነው፣ አብዛኛው ሰው ከዚያ በጣም አልፎ ነው የሚጫነው።

ከቧንቧ ውሃ፦ «ትዝታ ማይነርን በኤ ስጫወት ኤፍ የግድ ነው? ቅዳሜ ሰው ፊት እጫወታለሁ፣ እጄ ደግሞ ገና ነው።»

የግድ አይደለም። ኤፍ ሜጀር ሰቨን ያዝ፦ ባሬ የለውም፣ ቀጭኗን ክር ባዶዋን ትተዋታለህ፣ ሁለቱን ወፋፍራም አትመታም። ደስ የሚለው ደግሞ የትዝታ ማይነር ድምፆች በኤ ስትነሳ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ናቸው። ያቺ ባዶ ክር ኢ ስለሆነች ከቅኝቱ አትወጣም። እኔ ባሬውን እያወቅሁም ብዙ ጊዜ እሷን ነው የምመርጣት።

አንድ አንጋፋ፦ «ልጄ፣ እኔ ወፍራሟን ክር ሠላሳ ዓመት በአውራ ጣቴ ከላይ ጠምዝዤ ነው የያዝኳት። ይኼ ስህተት ነው ልትለኝ ነው?»

ኧረ አልልም ጋሼ። እርስዎ ከያዙት ያ ባሬ ሳይሆን ሌላ አያያዝ ነው፣ ጠቋሚ ጣትዎ ሁለቱን ቀጫጭን ብቻ ነው የሚይዘው። እጁ ትልቅ፣ የጊታሩ አንገት ቀጭን ለሆነ ሰው ይሠራል። ለትንሽ እጅ ግን አንጓ ያጣምማል ብዬ እፈራለሁ። ለጀማሪ የቱ ይቅደም በሚለው ላይ እኛ ጊታር ነጂዎች እስካሁን አልተስማማንም፣ እርስዎና እኔም ዛሬ የምንስማማ አይመስለኝም።

የኮምቦልቻው ልጅ፦ «ካፖ አድርጌ፣ አውራ ጣቴን አላልቼ ሞከርኩ። ቃጠሎው ቀነሰ። ሦስተኛዋ ክር ብቻ ትታፈናለች። ጠቋሚዬን የበለጠ ልጫን?»

እንዳትጫን! ሦስተኛዋ የመሃል ጣትህ ሥራ ናት። ጣትህ ተኝታ ይሆናል፣ ወይም ጥፍርህ ረዝሞ በጫፏ መቆም አቅቷታል። ቁረጠውና ነገ ንገረኝ።